ዓይንን ወደ ዋናው ጉዳይ ለመምራት፦ ቪንየት ወይስ ግራዲየንት?

ፎቶ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ብሩህ ወደሆነው ቦታ ነው። ብርሃንና ጨለማ በጉልህ የሚገናኙበት ቦታ፣ ደማቅ ቀለምና የሰው ፊትም ይስቡታል። ስለዚህ ፎቶው ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ካለ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ቢያምር ተመልካቹ ጀሪካኑን ሳያይ አያልፍም።

ይህን ለማስተካከል ብዙዎቻችን እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ቪንየት ነው። አንድ ስላይደር ብቻ ስለሆነ ይቀላል። ጠርዙ ይጨልማል፣ መሀሉ ብሩህ ሆኖ ይቀራል፣ አለቀ። ግን ከቪንየት ሌላ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ክብ ግራዲየንትና ቀጥታ ግራዲየንት። ሦስቱም ሥራቸው አንድ ይመስላል፤ ፎቶው ላይ የሚያመጡት ውጤት ግን በጣም ይለያያል።

ቪንየት አራቱንም ጠርዞች በእኩል ያጨልማል፤ ማዕከሉ ሁልጊዜ የፎቶው መሀል ነው። ክብ ግራዲየንት፣ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ Radial Gradient የሚለው፣ እኛ በመረጥነው ቦታ ሞላላ ክልል ይሠራል፤ ከዚያ ውስጡን ወይም ውጪውን ለይተን እንነካለን። ቀጥታ ግራዲየንት፣ Linear Gradient የሚለው፣ ከአንድ ጎን ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጠፋ ጥላ ነው።

የትኛውን ልምረጥ ለሚል ሰው ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ። ዋናው ጉዳይ ፎቶው ውስጥ የት ነው ያለው? ብርሃኑስ ከየት በኩል ነው የሚመጣው? ቪንየት ለሁለቱም ደንታ የለውም። ጉዳዩ መሀል ላይ ካለና ብርሃኑ ከአንድ ጎን ካልመጣ ቪንየት ይበቃል። ከዚያ ውጪ ባለው ሁሉ ግራዲየንት ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱን በአንድ ፎቶ ላይ እንየው።

ደሴ፣ ቡና ሲቀዳ

ደሴ ውስጥ በአንድ ቤት በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው እንበል። በሩ በስተግራ ተከፍቷል፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎች ተደርድረዋል። ቡናውን የምታፈላው ሴት ከመሀል ወደ ቀኝ ወጣ ብላ ተቀምጣለች፤ ክርኗ የቀኙን ጠርዝ ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ አቦሉን ከጀበናው እየቀዳች ነው። ከኋላዋ፣ በቀኝ ጥግ፣ ያ ቢጫ ጀሪካን አለ። የፎቶው መሀል ላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው።

የምንፈልገው ተመልካቹ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ እጇንና ሲኒውን እንዲያይ ነው።

መጀመሪያ ቪንየቱን እንሞክረው። Effects ውስጥ ገብተን Vignette የሚለውን ወደ −35 ብናወርደው ምን ይሆናል? ብሩህ ሆኖ የሚቀረው መሀሉ ነው፤ መሀሉ ደግሞ ግድግዳ ነው። ዓይን ወደ ግድግዳው ተመራ ማለት ነው። የሴትየዋ ትከሻና ክርን ጠርዙ አጠገብ ስለሆኑ አብረው ይጨልማሉ፤ ነጩ ቀሚስ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ አመድማ ይሆናል። ጀሪካኑ ትንሽ ቢጨልምም ቢጫነቱ አልተነካም፤ አሁንም ዓይን ይይዛል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሩ ላይ የሚሆነው ነው። በሩ የብርሃኑ መግቢያ ነው። ስልክ እንዲህ ያለውን በር ሲያነሳ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነጭ አድርጎት ይቀራል፤ ከነጩ ሥር የተደበቀ ዝርዝር የለም። ስለዚህ ስናጨልመው ግራጫ ከመሆን በቀር የሚያወጣው ነገር የለም። ብርሃን የሚገባበት በር ደብዝዞ ውስጡ ያለው ግድግዳ ሲደምቅ ተመልካቹ ምክንያቱን ላይናገር ይችላል፤ ፎቶው እንደተነካካ ግን ይሰማዋል።

አሁን ቪንየቱን ወደ 0 መልሰን በግራዲየንት እንሥራው። ከሁሉ በፊት ክሮፕ ይደረጋል። የበሩን ግማሽ መቁረጥ ከማጨለም ይሻላል፤ የተቆረጠ ነገር ዓይን አይስብም።

ቀጥሎ ቀጥታ ግራዲየንት። ከቀኙ ጠርዝ ጀምረን ወደ ግራ እንጎትታለን፣ ጭንቅላቷ ጀርባ ላይ ስንደርስ እናቆማለን። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ይታያል። መጀመሪያው መስመርና ከሱ ውጪ ያለው ሙሉውን ለውጥ ይቀበላል፣ መሀለኛው ላይ ግማሽ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ይጠፋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት የጥላው ልስላሴ ነው። ካጠበብነው ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር ሰንበር ይወጣል፤ ሰፋ ካደረግነው ከየት እንደጀመረ አይታወቅም።

Exposure ላይ −0.40 እንስጠው። እዚህ ላይ −1.00 ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው፤ −0.40 ከብርሃኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስቀርልናል። ብዙ አይደለም፤ መብዛትም የለበትም። እዚያው Saturation ወደ −25 ሲወርድ ጀሪካኑ ጉልበቱን ያጣል። ቪንየት ይህን ማድረግ አይችልም፤ እሱ የሚያውቀው ብርሃን መቀነስና መጨመር ብቻ ነው። ግራዲየንት ግን ቀለሙንም፣ ንጽጽሩንም፣ ጥራቱንም አብሮ መንካት ይችላል።

ክርኗና ትከሻዋ በጥላው ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ Subtract ብለን Brush እንመርጥና ለስለስ ባለ ብሩሽ ከጥላው እናወጣቸዋለን። ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። Flow ዝቅ ብሎ አንድ ሁለቴ ማለፍ ይበቃል፤ አለዚያ በዙሪያዋ የሚያበራ ጠርዝ ይፈጠራል።

ይህ ጥላ ለምን ዓይን ውስጥ አይገባም? ብርሃኑ ከግራ ስለሚመጣ ነው። በየትኛውም ቤት ውስጥ ከበሩ በራቅን ቁጥር ይጨልማል። ግራዲየንቱ እዚያ የነበረውን ነገር ትንሽ አጎላው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። በሩ በቀኝ በኩል ቢሆን ኖሮ ይኸው ጥላ ውሸት ይሆን ነበር። ከማንኛውም ቁጥር በላይ ቢያዝልኝ የምወደው ነጥብ ይህ ነው፦ ብርሃኑ የሚሄድበትን አቅጣጫ ተከትሎ የተሠራ ጥላ አይነቃበትም።

ክቡ ግራዲየንት፦ ውስጡን ማብራት ወይስ ውጪውን ማጨለም?

ጀሪካኑ ዝም ብሏል። ፊቷና እጇ ግን ገና ከግድግዳው አልተለዩም። እዚህ ላይ ነው ክቡ የሚገባው። ከፊቷ እስከ ሲኒው የሚደርስ ሞላላ እንሠራና በእይታዋ አቅጣጫ ዘንበል እናደርገዋለን። የሞላላው ዝንባሌ የዓይን መንገድ ነው፤ ፊቷን ያየ ሰው ቁልቁል ወደ ጀበናውና ወደ ሲኒው ይወርዳል።

አሁን ሁለት ምርጫ አለ። ውስጡን +0.25 ማብራት ይቻላል። ወይም Invert ብሎ ውጪውን −0.30 ማጨለም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ፊት ሲበራ ደስ ስለሚል። በዚህ ፎቶ ላይ ግን ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም ነጩ ቀሚስ ሞላላው ውስጥ ነው። ቀሚሱ ቀድሞውኑ ወደ ሙሉ ነጭ ተጠግቷል፤ ጥቂት ብናበራው የጥልፉ ዝርዝር ይጠፋል። ዋናው ሰው ጠቆር ያለ ልብስ ለብሶ ቢሆን፣ ወይም ፊቱ በጥላ ውስጥ ቢሆን፣ ውስጡን ማብራት ትክክል ይሆናል። ነጠላ፣ ጋቢና የሀበሻ ቀሚስ በሚበዛበት የእኛ ፎቶ ግን ውጪውን ማጨለም ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

የጠርዙን ልስላሴ የሚወስነው Feather 80 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ላይትሩም ላይ ልስላሴው የሚጀምረው ከሞላላው መስመር ወደ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሞላላው ከሴትየዋ በደንብ መስፋት አለበት። ልክክ አድርገን ከሠራነው ፀጉሯና ጣቶቿ መጨለም ይጀምራሉ፤ ፎቶውም መድረክ ላይ የመብራት ክብ ያረፈበት ይመስላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱ ግራዲየንት ለብቻው አንድ ማስክ ነው፤ ሁለት ማስክ በተደራረቡበት ቦታ ለውጡ ይደመራል። የቀኙ ጠርዝ ከቀጥታው −0.40፣ ከክቡ −0.30 ሲወስድ በድምሩ −0.70 ሆኗል። ቀጥታውን ከመጀመሪያው ከ−0.40 ያላለፍነው ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ማስክ ለብቻው አይተን "ትንሽ ነው" ስንል ድምሩ ከብዶ ይገኛል።

በዚህ ላይ ቪንየት መጨመር አለበት? አንዳንድ ባለሙያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ከ−5 እስከ −10 ይሰጣል፤ ጠርዙን ይሰበስበዋል ይላል። ከዚያ ካላለፈ አልከራከርም። ለዚህ ፎቶ ግን አያስፈልገውም፤ በሩን እንደገና ማደብዘዝ ይሆናል።

ቪንየት የሚያሸንፍበት ቦታ

ቪንየትን እስካሁን ወቀስኩት፤ የሚያሸንፍበት ቦታ ግን አለ። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ሆናችሁ አንሱት። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለቱ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው። መስቀል የሆነው ጣሪያ ፎቶው መሀል ላይ ይቀመጣል፤ በዙሪያው የጉድጓዱ ጥላ አለ፤ ከዚያ ውጪ ብሩህ ዓለት። ያ ውጪኛው ዓለት ነው ዓይን የሚሻማው፣ እሱም በአራቱም በኩል አለ። ቪንየት የተፈለገው ለእንዲህ ያለው ፎቶ ነው።

Amount ከ−15 እስከ −20፣ Feather ወደ 80 ከፍ ይበል። Midpoint ጥላው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ርቀት ይወስናል፤ ሲቀንስ ወደ መሀል ይጠጋል፣ ሲጨምር ወደ ጥግ ይሸሻል። ጥላው የጉድጓዱ አፋፍ ላይ እንዲያልቅ እናስተካክለዋለን፤ ጉድጓዱ ራሱ ጨለማ ስለሆነ ከዚያ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ፎቶው በካሬ ከተቆረጠ Roundness ወደ 0 የተጠጋ ይሁን።

በኮምፒውተር ላይ በሚሠራው Lightroom Classic ላይ Style የሚል ምርጫም አለ። Highlight Priority ብሩህ ቦታዎችን ያተርፋል፤ በጨለመው ክፍል ግን ቀለም ሊያዛባ ይችላል። Color Priority ቀለሙን ይጠብቃል። Paint Overlay ጥቁር ቀለም እንደመደረብ ነው፤ ፎቶውን ጠፍጣፋ ስለሚያደርገው አልመክረውም። የላሊበላ ዓለት ቀላ ያለ ስለሆነና ያ ቅላት እንዲዛባ ስለማንፈልግ Color Priority ይመረጣል። በአፋፉ ላይ ነጭ ለብሰው የቆሙ ምእመናን ካሉ Highlights የሚለውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነጠላቸው አመድማ እንዳይሆን ይረዳል። በጣም ከፍ ካለ ግን ነጩ እንደገና ዓይን ይስባል።

ቪንየት ሌላም ጥቅም አለው። ላይትሩም ላይ ክሮፑን ስንለውጥ ቪንየቱ አዲሱን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። ማስክ ግን ከፎቶው ይዘት ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነው። ብዙ ፎቶ በአንድ ዓይነት ኤዲት ለሚያወጣ ሰው ይህ ትልቅ ጊዜ ይቆጥባል።

ሰማዩ ሲበዛ

ሐይቅ ዳር የተነሳ ፎቶ ደግሞ ሌላ ነው። ውሃው ላይ አንድ ሰው ጀልባ ይዞ አለ፣ ከኋላው ኮረብቶች፣ ከላይ የነጣ የቀትር ሰማይ። እዚህ የሚያስቸግረው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ቪንየት ሦስቱን ጎን በከንቱ ያጨልማል። ከላይ ወደ ታች ቀጥታ ግራዲየንት፣ Exposure −0.50፣ Highlights −30 ማድረግ ይበቃል።

ችግሩ አድማሱ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። ወሎ ውስጥ ቀጥ ያለ አድማስ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥላው ሰማዩን ሲያወርድ የኮረብታውንም አናት ይዞ ይወርዳል፤ ቀድሞውኑ ጥቁር የነበረው ተራራ ከሰል ይሆናል። መፍትሔው Intersect ብሎ Luminance Range መምረጥና ክልሉን ወደ ብሩሁ ጫፍ መጎተት ነው። ያኔ ግራዲየንቱ ከዚያ ቦታ ውስጥ ብሩህ የሆነውን፣ ማለትም ሰማዩን ብቻ፣ ይነካል። የኮረብታው ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ብቅ ካለ ክልሉ በጣም ጠቧል ማለት ነው፤ ሽግግሩን ሰፋ አድርጉት።

ሦስቱንም የማያስፈልገው የቡድን ፎቶ ነው። ሠርግ ላይ ሃያ ሰው ተደርድሮ የተነሳው ፎቶ ዋና ጉዳዩ ሃያውም ሰው ነው። ቪንየት ሲደረግበት ዳር የቆሙት አክስትና አጎት ይጨልማሉ፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጠርዝ ላይ ሲጨልም የፊቱ ቅርጽ ቶሎ ይጠፋል። ይተው።

ስልክ ብቻ ላለው

ስናፕሲድ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ነፃ ነው፤ Vignette የሚለው መሣሪያው ደግሞ በጠባዩ ወደ ክብ ግራዲየንት ይጠጋል። ሰማያዊውን ነጥብ በጣት ይዞ ፊቷ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በሁለት ጣት ክቡ ይሰፋል ወይም ይጠባል። Outer Brightness ውጪውን፣ Inner Brightness ውስጡን ይለውጣሉ። ለቡናው ፎቶ Outer ወደ −20 ገደማ አውርዶ Inner ን 0 ላይ መተው ጥሩ መነሻ ነው። ሞላላ ማድረግና ማዘንበል አይቻልም፣ ስለዚህ ክቡ ሰፋ ይበል።

ቀጥታ ጥላ ለመሥራት በTune Image ብርሃኑንና የቀለሙን ድምቀት እንቀንስና፣ View edits ውስጥ ገብተን ያንን ለውጥ በብሩሽ የምንፈልገው ቦታ ላይ ብቻ እንቀባዋለን። ብሩሹ 25፣ 50፣ 75 እና 100 አለው። ጠርዙ ላይ 75፣ ወደ ውስጥ ስንገባ 50፣ ከዚያ 25 እያልን መሄድ ሽግግሩን ያለሰልሰዋል። ስናፕሲድ ላይ ክሮፑ አስቀድሞ ይሠራ፤ ከቪንየት በኋላ የተቆረጠ ፎቶ ጥላው በአንድ በኩል ተቆርጦ ይቀራል።

መብዛቱ በምን ይታወቃል?

ፎቶውን የጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱት። መጀመሪያ የታያችሁ ፊቷ ከሆነ ሠርቷል። መጀመሪያ የታያችሁ ጥቁር ጥግ ከሆነ በዝቷል። ከዚያ የማስኩን ዓይን ምልክት ነክታችሁ አጥፉና አብሩት። ሲጠፋና ሲበራ ልዩነቱ መሰማት አለበት፤ በርቶ ሳለ ግን የጥላውን ድንበር በጣት ማሳየት መቻል የለባችሁም። ማሳየት ከቻላችሁ መጀመሪያ ሽግግሩን አስፉ፤ ካልበቃ Exposure ን ወደ 0 አስጠጉ።

ሌላው ምልክት ግድግዳው ወይም ሰማዩ ላይ የሚወጣ ደረጃ ደረጃ መስመር ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። አንድ ወጥ የሆነ ግድግዳ ላይ ረጅም ጥላ ስንዘረጋ ደረጃዎቹ አልበቃ ብለው እርከን ይሠራሉ። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ያነሳውን ሳይነካ በሚያስቀምጥበት ፋይል የተነሳ ፎቶ ይህን በብዙ ይቋቋማል። ጄፔግ ብቻ ካለ Grain ላይ ከ10 እስከ 15 መስጠት እርከኑን ይበታትነዋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ እርከኑ ይብስበታል፤ እንደ ፋይል ተደርጎ ይላክ።

ለማተም ከሆነ ደግሞ ወረቀት እንደ ስክሪን ከውስጡ አያበራም፤ የጨለመው ጥግ ከታየው በላይ ይጨልማል። ስልኩ ላይ ልክ የሆነውን −0.40 ለኅትመት ወደ −0.25 መልሱት፤ ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊትም አንዷን በትንሽ መጠን አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩዋት።